ለ4 በ3.50 ክፍል ኮርኒስ ስንት ቺፕውድ፣ ስንት ሞራሌ? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ሳቢያን ያለውን የእናቴን ቤት እያደስን ነው። የሳሎኑ የማዳበሪያ ኮርኒስ ተቀዶ ስላለቀ በ8 ሚሊ ቺፕውድ ልናሠራው ነው። ክፍሉ ከውስጥ ለውስጥ ሲለካ 4 ሜትር በ3.50 ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

ያናገርነው ሠራተኛ ይህን ዝርዝር ሰጠን፦ 6 ቺፕውድ፣ 12 ባለ 4 ሜትር ሞራሌ (4 በ5)፣ 1 ኪሎ ምስማር። ሞራሌውን በየ60 ሳንቲም በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚመታ ነገረን። አንዱ ቺፕውድ 250 በ125 ነው ብሎናል።

እኔ ሳሰላው 4 ሲባዛ 3.50 14 ካሬ ነው። አንዱ ቺፕውድ 3.125 ካሬ ይሸፍናል። 14ን በዚያ ሳካፍል 4.48 መጣ። ታዲያ 5 አይበቃም? ለምን 6 አለ? ሞራሌውስ ልክ ነው? አንዴ ከገዛን በኋላ ባጃጅ ተከራይቶ መመላለሱ ስለሚያስወጣን ነው አስቀድሜ የምጠይቀው።

ቁጥር ወዳድ

ሒሳብህ ልክ ነው። ለብክነት 10 በመቶ ጨምርበት። 4.48 ላይ ሲጨመር 4.93 ይሆናል፣ ስለዚህ 5 ይበቃል። ስድስተኛው ትርፍ ነው።

ሞራሌውን ደግሞ እንዲህ አስላው። በየ60 ሳንቲም በሁለት አቅጣጫ ከተመታ ለ1 ካሬ 3.33 ሜትር ይሄዳል። በ14 ሲባዛ 46.7 ሜትር ነው። ለ4 ሲካፈል 11.7 ይመጣል። 12 ያለው ትክክል ነው።

ደቻቱ ማዶ

አቦ፣ በድሬ ሙቀት ቺፕውድ ምን ያደርግላችኋል? ጂፕሰም አድርጉት። ያበርዳል፣ መጋጠሚያውም አይታይም። እኛ ቤት በጂፕሰም ነው የተሠራው። ከቆርቆሮው በታች አየር መውጫም ተዉለት፣ ቀትር ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የከዚራው አናጢ

ልጄ፣ የቺፕውዱን ቁጥር ከመናገሬ በፊት የ60ውን ነገር ላንሳ። ዋናው ችግር እዚያ ነው ያለው።

የቺፕውዱ ርዝመት 250 ከሆነ መጋጠሚያው ከግድግዳው 250 ላይ ይወድቃል። ሞራሌው በየ60 ከተመታ ደግሞ 60፣ 120፣ 180፣ 240፣ 300 ላይ ነው ያለው። 250 ላይ ምንም የለም። የቺፕውዱ ጫፍ 240 ላይ ካለው ሞራሌ 10 ሳንቲም አልፎ አየር ላይ ይንጠለጠላል። በስፋቱም እንደዚያው ነው። መጋጠሚያው 125 ላይ ሲሆን ሞራሌው 120 ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሠራተኛው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቺፕውዱን 240 በ120 አድርጎ ይቆርጠዋል። ያኔ ከእያንዳንዱ ፍሬ 10 ሳንቲም እና 5 ሳንቲም ፍርፋሪ ይጣላል። አንድ ተጨማሪ ቺፕውድ የሚጠይቀውም ይህ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ጫፉን በሊስትሎ ይሸፍነውና ይሄዳል። ከወራት በኋላ መጋጠሚያው ወደ ታች ይከፈታል፣ ሊስትሎውም አብሮ ይነሳል።

መፍትሔው የሞራሌውን ርቀት ከቺፕውዱ ልክ ጋር ማስማማት ነው። የቺፕውዱን ስፋት ለሁለት ትከፍላለህ። 125 ከሆነ 62.5 ነው። ከመሃል እስከ መሃል 62.5 ስትመታ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሞራሌ ላይ ይወድቃል። ሁለት ሳንቲም ተኩል ቢሰፋ ለ8 ሚሊ ቺፕውድ ምንም አይለውም። ሆድ የሚያወጣው 80 እና ከዚያ በላይ ሲዘረጋ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በወረቀት ላይ ክፍሉን ሳለው። የቺፕውዱን ርዝመት በ4 ሜትሩ በኩል አድርገው። ስፋቱ 3.50 ስለሆነ ሦስት ረድፍ ይወጣል። ሁለቱ ባለ 125፣ ሦስተኛው ባለ 100 ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙሉ ባለ 250 እና አንድ ባለ 150 ቁራጭ ያስፈልጋል። ከአንድ ቺፕውድ ሁለት ባለ 150 አይወጣም። ስለዚህ ለየረድፉ ሁለት ቺፕውድ ብለህ ከቆጠርክ 6 ይሆናል። የሠራተኛው 6 ከዚህ ሊመጣም ይችላል።

ግን ቁራጩን ተመልከት። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ሁለት ባለ 100 በ125 ቁራጭ ይተርፋል። ሦስተኛው ረድፍ ስፋቱ 100 ነው። ቁራጮቹን አዙረህ ስታስገባቸው እያንዳንዳቸው 125 ርዝመት ይሸፍናሉ። ሁለቱ 250 ሆኑ። የቀረው 150 በ100 ነው፣ እሱ ከአምስተኛው ቺፕውድ ይወጣል። አለቀ። 5 በቃ። ቺፕውድ እንደ ጣውላ የእንጨት መስመር ስለሌለው ማዞሩ አይጎዳውም። አዲሱ መጋጠሚያ 125 ላይ ነው፣ እዚያም ሞራሌ አለ።

ይህ ሁሉ ግን ቺፕውዱ በእውነት 250 በ125 ከሆነ ነው። ሱቅ ሄደህ በራስህ ሜትር ለካ። ሌላ ልክም ገበያ ውስጥ አለ።

የጂፕሰሙን ወንድሜን አክብሬ ነው፣ ግን እሱ ሌላ ሥራ ነው። ክብደቱ ይበልጣል፣ በምስማር ሳይሆን በብሎን ይታሰራል፣ ሞራሌውም ወደ 40 መጠጋት አለበት። የአየር መውጫውን ነገር ግን እኔም እደግፋለሁ።

ቁጥር ወዳድ

ጋሼ፣ እኔም 5 ነበር ያልኩት። በስፋትም በስዕልም አንድ ቁጥር ከመጣ ስዕሉ ለምን ያስፈልጋል?

የከዚራው አናጢ

አሁን አንድ ላይ ገጠመ። ሁሌ አይገጥምም። 10 በመቶ የምትለው ቁራጩ የት እንደሚገባ አያውቅም። ቁራጩ ቦታ ካገኘ 10 በመቶ ይበዛል፣ ቦታ ካላገኘ 20 በመቶም አይበቃም። ሞራሌው ላይ ደግሞ ያንተ ሒሳብ ይጎድላል። ልጁ ቺፕውዱን ለክቶ ይምጣና አሳያችኋለሁ።

ሙኒራ ከሐረር

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። የኛ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው፣ አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ። አንዱን ክፍል ኮርኒስ ልናደርግለት ስንለካ በበሩ በኩል 3.40 ነው። በመስኮቱ በኩል 3.58 መጣ። ለመግዛት የቱን ልያዝ? አማካዩን?

የከዚራው አናጢ

እህቴ፣ ለመግዛት ትልቁን ያዢ። በአማካይ ከገዛሽ በመስኮቱ በኩል 9 ሳንቲም ይጎድልሻል። ያንን የሚሞላ ረጅም ቀጭን ቁራጭ ደግሞ ከትርፍ አይገኝም። የድንጋይ ግድግዳ መሃል ላይ ሊያብጥ ወይም ሊገባ ስለሚችል በሦስት ቦታ ለኪ፦ ሁለቱ ጫፍ እና መሃል። ከጥግ እስከ ጥግም በሰያፍ ሁለቱንም ለኪ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ተጣሟል ማለት ነው።

ስትጀምሪ ከግድግዳ አትጀምሪ። በክፍሉ መሃል ሲባጎ ወጥሪና ቺፕውዶቹን ከሱ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ አስኪዱ። ጥመቱ በግድግዳው ዳር ባለው የመጨረሻ ቁራጭ ላይ ይውጣ።

ሙኒራ ከሐረር

እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ግን ያ የተጣመመው ቁራጭ በበሩ ተቃራኒ ከሆነ ሲገቡ ፊት ለፊት አይታይም?

የከዚራው አናጢ

ይታያል። ለሁለት ከፍሎ በሁለቱም ግድግዳ ማውጣት ይቻላል፣ ያኔ ግማሽ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው። ግን ሁለት በኩል ጠበብ ያለ ቁራጭ ይበዛል፣ ቺፕውድም ይጨምራል። የቤቱን መብራትና በር ሳላይ ይህን ይሻላል ማለት አልችልም።

የሳቢያን ልጅ

ጋሼ፣ ዛሬ አሸዋ ገበያ ሄጄ በሜትር ለካሁ። ሁለት ሱቅ ያለው ቺፕውድ 244 በ122 ነው! ባለ 250 የለም አሉኝ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ተቀየረ ማለት ነው? ሞራሌው 4 ሜትር ሙሉ ነው፣ 4 በ5 ነው።

የከዚራው አናጢ

ተቀየረ። ደግ አደረግክ ለካህ።

መጀመሪያ ርቀቱ። የ122 ግማሽ 61 ነው። ከመሃል እስከ መሃል 61 ትመታለህ። ለ60 በጣም ቅርብ ስለሆነ ሠራተኛው «ያው ነው» ሊልህ ይችላል። ያው አይደለም። በየመስመሩ 1 ሳንቲም እየተጠራቀመ ስድስተኛው መስመር ላይ 6 ሳንቲም ይሆናል። ሞራሌው ራሱ 5 ሳንቲም ነው። መጋጠሚያው ከሞራሌው ወጣ ማለት ነው።

ቀጥሎ ቺፕውዱ። እንደ ድሮው ርዝመቱን በ4 ሜትሩ በኩል ብታደርገው ረድፎቹ 122፣ 122 እና 106 ይሆናሉ። በየረድፉ 244 እና 156 ትፈልጋለህ። የሚተርፈው ቁራጭ 88 በ122 ነው። ብታዞረው 106 የሚሰፋውን ረድፍ አይሸፍንም፣ 18 ሳንቲም ይጎድለዋል። ሳታዞረው ሁለቱን ብትቀጥል ደግሞ መጋጠሚያቸው ሞራሌ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ በዚህ አቀማመጥ 6 ያስፈልግሃል።

አሁን ቺፕውዱን አዙረው። ርዝመቱ በ3.50ው በኩል ይሂድ። በ4 ሜትሩ ሦስት ዓምድ ይወጣል፣ ሲደመር 366። በግድግዳው ዳር 34 ሳንቲም ይቀራል። እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ሙሉ 244 እና አንድ 106 ይወስዳል። ሁለት ባለ 106 ከአንድ ቺፕውድ ይወጣል፣ 212 ነውና።

እንግዲህ ቁጠር። ሦስት ሙሉ ለሦስቱ ዓምድ። አራተኛው ለሁለት ባለ 106። አምስተኛው ለሦስተኛው 106 ነው። ከአምስተኛው 138 በ122 ይተርፋል። ያንን ሦስት ቦታ ስትሰነጥቀው ባለ 34 ሦስት ቁራጭ ይወጣል፣ 102 ብቻ ነው የሚወስደው። ርዝመታቸውን 122፣ 122 እና 106 አድርግ። ሲደመር 350 ይሆናል፣ የግድግዳው ዳር ተሞላ። መጋጠሚያቸውም 122 እና 244 ላይ ነው፣ ሁለቱም አግዳሚ ሞራሌ ያለበት ቦታ።

5 ቺፕውድ። አቅጣጫውን በማዞር ብቻ አንድ ፍሬ ተረፈ። ባለ 34ቱን ዳር መጋረጃ በሚሰቀልበት ግድግዳ በኩል አድርገው።

ቁጥር ወዳድ

በኔ ሒሳብ ለዚህኛው ልክ 14 ለ2.977 ሲካፈል 4.70 ነው። 10 በመቶ ሲጨመር 5.17 ይመጣል። 6 እል ነበር። አሁን ገባኝ። የሞራሌውንስ ጋሼ? 46 ሜትር ለምን ይጎድላል አሉ?

የከዚራው አናጢ

ምክንያቱም ያንተ ስሌት የሚቆጥረው በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። መስመሩ ሁልጊዜ ከክፍተቱ አንድ ይበልጣል፣ አጥር ስታጥር ቋሚው ከክፍተቱ አንድ እንደሚበልጠው። ሰፊ አዳራሽ ላይ ልዩነቱ አይሰማም። 14 ካሬ ላይ ግን ግድግዳ ግድግዳውን የሚዞረው ሞራሌ ትልቅ ድርሻ አለው።

በሞራሌው 5 ሳንቲም ፊት ወደ ታች አድርጌ ነው የምቆጥረው። መጋጠሚያ ላይ ለእያንዳንዱ ቺፕውድ 2 ሳንቲም ተኩል መቀመጫ ይኖረዋል።

መጀመሪያ በ4 ሜትሩ ሁለት ግድግዳ ላይ ሁለት ሙሉ ሞራሌ ይታሰራል። 2 ፍሬ።

ከዚያ በ3.50ው አቅጣጫ የሚሄዱት ዋናዎቹ። ሁለቱ በግድግዳው ላይ ናቸው። ሌሎቹ 61፣ 122፣ 183፣ 244፣ 305 እና 366 ላይ ይሆናሉ። ስምንት ናቸው። እነዚህ በሁለቱ የግድግዳ ሞራሌዎች መካከል ስለሚገቡ ርዝመታቸው 350 ሳይሆን 340 ነው። ይህን ቅደም ተከተል አትልቀቀው። 350 ብትቆርጥ የሚተርፍህ 50 ነው። 340 ስትቆርጥ 60 ይተርፍሃል። በዋናዎቹ መካከል የሚገባው አግዳሚ ደግሞ 56 ነው፣ 61 ሲቀነስ 5። 50ው ለአግዳሚ አይደርስም፣ 60ው ይደርሳል። ስለዚህ ከ8 ፍሬ 8 አግዳሚ በነፃ አገኘህ።

አግዳሚዎቹ በአምስት መስመር ይሄዳሉ፦ 61፣ 122፣ 183፣ 244 እና 305 ላይ። በእያንዳንዱ መስመር አምስት ባለ 56 አለ። በመጀመሪያው ግድግዳ በኩል አንድ ባለ 53 ተኩል፣ በመጨረሻው በኩል አንድ ባለ 26 ተኩል ይገባል። ባለ 53 ተኩሉን እንደ 56 ቁጠረው። በጠቅላላው 30 ረጅም እና 5 አጭር ሆነ።

8ቱ ከተራፊው ወጡ፣ 22 ቀሩ። ከአንድ ባለ 4 ሜትር 7 ይወጣል። ሦስት ሞራሌ 21 ይሰጥሃል። አራተኛው የቀረችውን አንዷን እና አምስቱን አጫጭር ይሰጥህና ከ2 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይተርፈዋል።

2፣ 8 እና 4 ሲደመር 14። ማንጠልጠያ ገና አልቆጠርንም። ግድግዳ ላይ ካልታሰሩት ስድስቱ ዋናዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ቦታ ወደ ጣሪያው እንጨት ይንጠለጠሉ። 12 ማንጠልጠያ ነው። የጣሪያው ከፍታ ቦታ ቦታ ስለሚለያይ በአማካይ 50 ሳንቲም ብዬ ልያዝልህ። ከተረፈው 2 ሜትር 4ቱ ይወጣሉ፣ ለቀሩት 8ቱ አንድ ሞራሌ ጨምር። 15 ሆነ። ከደርዘን አንዱ ጠማማ ሆኖ ስለሚገኝ አንድ መጠባበቂያ ያዝ። 16 ግዛ።

ሠራተኛው 12 ያለህ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። በ12 ቢጀምር ግን አግዳሚው ሲያልቅበት አንዳንዱን መስመር ይዘላል፣ አንተም አታየውም።

ድሬ ፍሬም

ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም በዚህ ሥራ ነው የምተዳደረው። ሞራሌን በ5ቱ ፊት ማስተኛት አልስማማበትም። 4ቱ ወደ ታች፣ 5ቱ ወደ ላይ ቆሞ ነው ሸክም የሚችለው። ካስተኙት በመሃል ይጎብጣል። በተለይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ።

የከዚራው አናጢ

በሸክሙ ልክ ነህ። የቆመው ይበረታል። የኔ ምክንያት መጋጠሚያው ነው። በ4 ሳንቲም ላይ ሁለት ቺፕውድ ሲገናኝ ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲም ነው ያለው። ምስማሩን ከጫፍ 1 ሳንቲም ስታርቀው ከሞራሌውም ጫፍ 1 ሳንቲም ላይ ይሆናል። እጅህ ትንሽ ከሳተ ሞራሌው ይሰነጠቃል ወይም ምስማሩ ይወጣል። ማንጠልጠያው በየሜትር ከምናምን ስላለ መጉበጡን እሱ ይይዘዋል።

ድሬ ፍሬም

እኔ መጋጠሚያ ያለበትን መስመር ብቻ አስተኝቼ ሌላውን አቆመዋለሁ።

የከዚራው አናጢ

ያም ይሆናል፣ ታችኛው ፊት በውሃ ልክ አንድ ከሆነ። አግዳሚው ግን በሁለት ልክ ይቆረጣል፣ ያንን ሠራተኛው ሳይደባልቅ ከያዘው ነው። እኔ የለመድኩት ሁሉንም ማስተኛት ነው።

የሳቢያን ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምስማሩስ? በስንት በስንት ይመታ? 1 ኪሎ ነው የተባልነው፣ ዓይነቱን ግን አልነገረንም።

የከዚራው አናጢ

ሁለት ዓይነት ያስፈልግሃል። ለቺፕውዱ ባለ 3 ሳንቲም ቀጭን ምስማር። ሞራሌ ከሞራሌ ለማያያዝ ባለ 8።

ቺፕውዱ በዙሪያው በየ15 ሳንቲም፣ በመሃሉ ባሉት ሞራሌዎች ላይ በየ20 ይመታ። ለአንድ ሙሉ ቺፕውድ ወደ 70 ምስማር ነው። ለአምስቱ፣ የቁራጮቹ ዳር ስለሚጨምር፣ 400 ገደማ በለው። ቀጭን ስለሆነ ግማሽ ኪሎ ይተርፈዋል። ባለ 8ቱ ግን ከባድ ነው፣ 220 ያህል ይሄዳል፣ 1 ኪሎ ተኩል ግዛ። ስለዚህ «1 ኪሎ ምስማር» የሚለው ለአንዱ ይበዛል፣ ለሌላው ያንሳል። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ዙሪያውን በየ60 ሳንቲም በፊሸር እና በብሎን እሰረው። ዙሪያው 15 ሜትር ነው፣ 25 ፊሸር ይበቃል።

ስትመቱ ከቺፕውዱ ጫፍ 1 ሳንቲም ራቁ። ከዚያ ከቀረበ ጫፉ ይፈረፈራል። መጋጠሚያ ላይ በሁለቱ ቺፕውዶች ያሉት ምስማሮች ፊት ለፊት አይሁኑ፣ አንዱ በሌላው ክፍተት መሃል ይግባ። ካልሆነ ሞራሌው በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ። ዳር ዳሩ ቀድሞ ከተመታ መሃሉ ተነፍቶ ይቀራል፣ በኋላ አይወርድም።

ምስማር ሞራሌውን መሳቱ በእጅ ይታወቃል። መጨረሻ ላይ ሳይጠነክር በአንድ ምት ሰተት ብሎ ከገባ አየር ውስጥ ነው። እዚያው አጠገቡ ሌላ ምቱ። ሥራው ሲያልቅ በመዳፍህ ወደ ላይ ግፋ። ቺፕውዱ ከፍ ብሎ ሲመለስ ኳ የሚል ድምፅ ካሰማ ያ ቦታ አልተያዘም።

ቁጥር ወዳድ

አንድ ነገር ልጨምር። ቺፕውዶቹ ተጠጋግተው ይገጠማሉ ወይስ ክፍተት ይተዋል? ክፍተት ከተተወ 61ዱ ራሱ ይዛባል።

የከዚራው አናጢ

ጥሩ አየህ። ክፍተት ይተዋል። ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። በመጋጠሚያው 3 ሚሊ፣ በግድግዳው ዳር 5 ሚሊ ተው። ሁለቱም በሊስትሎ ይሸፈናል። የመጨረሻው መጋጠሚያ ጋ ስትደርስ ተደምሮ ከ1 ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። 5 ሳንቲም ፊት ያለው ሞራሌ ይህን ይችላል፣ ግን የአንዱ ቺፕውድ መቀመጫ ወደ 1 ሳንቲም ይወርዳል። ስለዚህ 122፣ 244 እና 366 የምትላቸውን መስመሮች ከግድግዳው አትለካ። ከመጀመሪያው ቺፕውድ ዳር ጀምረህ፣ ክፍተቱን ጨምረህ ምልክት አድርግ። መሃል ያሉት ሌሎች መስመሮች ግን ጥቂት ቢዛቡ ችግር የለም።

የአሸዋ ሱቅ

እኔ ቺፕውድ ሻጭ ነኝ። የጋሼ ስዕል ትክክል ነው። ግን 5 ብቻ ይዞ መሄድ ላይ አልስማማም። በባጃጅ ወይም በጋሪ ሲሄድ ጥጉ የሚመታ ብዙ ነው። አንድ ጥግ ከተሰበረ የ138ቷ ቁራጭ ስሌት ይፈርሳል። ለመሸጥ ብዬ አይደለም፣ 6 ይውሰድ።

ሊስትሎም አልተቆጠረም። በመጋጠሚያው ወደ 15 ሜትር፣ በግድግዳው ዙሪያ ሌላ 15 ሜትር ነው። 30 ሜትር ሲደመር ጥግ ላይ በሰያፍ ስለሚቆረጥ 2 ወይም 3 ሜትር ጨምር።

የከዚራው አናጢ

ሊስትሎውን ልክ ብለሃል። ቺፕውዱ ላይ ከሱቁ ጋር «ሳይቆረጥ ከተረፈ እመልሳለሁ» ብሎ ከተስማማ 6 ይውሰድ። የማይመልስ ሱቅ ከሆነ 5 ይውሰድ፣ ጥጎቹንም ከመጫኑ በፊት በካርቶን ይሸፍን። የተሰበረ ጥግ ካለ ያንን ፍሬ ባለ 106 ለሚወጣበት ያድርገው። አራተኛው ላይ 32 ሳንቲም ትርፍ ስላለ የተሰበረውን ጫፍ ቆርጦ መጣል ይችላል።

የሳቢያን ልጅ

ገባኝ። 6 ቺፕውድ ከመመለስ ስምምነት ጋር፣ 16 ሞራሌ፣ ግማሽ ኪሎ ባለ 3፣ 1 ኪሎ ተኩል ባለ 8፣ 25 ፊሸር፣ 33 ሜትር ሊስትሎ። ስዕሉን ለሠራተኛው ወረቀት ላይ አድርጌ እሰጠዋለሁ። 61 የሚለውን በቀይ አሰምርበታለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሞራሌው ሱቅ ላይ ሳየው እርጥብ ነበር፣ በእጅ ሲይዙት ይቀዘቅዛል። ይደርቅ ብዬ ልጠብቅ ወይስ በዚሁ ይመታ?

ድሬ ፍሬም

ጠብቅ። ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንስተህ፣ በመካከሉ ትንንሽ እንጨት እያስገባህ ደርድረው። ድሬ ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ባንድ በኩል ብቻ ደርቆ ይጣመማል። ምስጥም ስላለ ከመመታቱ በፊት የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ ግን ቺፕውዱ የሚነካውን ፊት ተወው። ዘይቱ ወደ ቺፕውዱ ይዘልቅና ቀለም ሲቀባ ይታያል።

የከዚራው አናጢ

በዚህ ተስማምቻለሁ። ሲደርቅ አንድ በአንድ በዓይንህ ከጫፍ እየው። ቀጥ ያሉትን ለ8ቱ ዋናዎች ለይ። ጠማማዎቹን ለአግዳሚ ቁረጣቸው፣ 56 ሳንቲም ላይ ጥመቱ አይታወቅም።